ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ዌብሳይት የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅትና ባሕር ዳር የሚገኝ ባለ 24 ክፍል ሆቴል ውል ተፈራረሙ እንበል። ሆቴሉ የሦስት ወንድማማቾችና እህቶች የጋራ ንብረት ነው። ታላቅ ወንድም ሆቴሉን ያስተዳድራል፣ ሁለተኛው ሒሳቡን ይይዛል፣ እህታቸው ደግሞ ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። ቀብዱ ባንክ ገብቷል። ታላቅ ወንድም "መቼ ያልቃል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ዲዛይነሩም "በ6 ሳምንት" ይላል። ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ሲደርስ ግን ዌብሳይቱ ባዶ ቤት ይመስላል። የክፍሎቹ ፎቶ "ነገ ይላካል" እንደተባለ ቀርቷል። የዋጋ ዝርዝሩ በሒሳብ ያዡ ወንድም እጅ ነው፣ እሱም ማንም ስላልጠየቀው አልላከውም። ሥራው አልቋል ተብሎ ሊመረቅ ሲል እህታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየውና "ይሄ ቀለም ማን ተስማምቶበት ነው?" ትላለች። ዲዛይነሩ ደንበኛው አዘገየኝ ይላል፤ ደንበኛው ገንዘቤን ከፍዬ ምንም አላየሁም ይላል። እንዲህ ያለ ቅያሜ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሥራው ከመበላሸቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ቀብዱ ተከፍሎ ሥራው በይፋ ሳይጀመር ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ማን ምን ማቅረብ እንዳለበት፣ ማን "ይሁን" እንደሚል፣ "አለቀ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልተጻፈም።

በዲዛይን፣ በማስታወቂያና በሶፍትዌር ሥራ የቆዩ ሰዎች ይህን ክፍተት የሚሞሉት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለደንበኛው የሚላክ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው የመጠይቁን መልስ ወደ ቀንና ወደ ሰው ስም የሚለውጥ የሥራ ማስጀመሪያ መልእክት ነው። ውል የሁለቱን ወገን መብትና ግዴታ ይይዛል፤ ነገር ግን የሆቴሉ ሎጎ በየትኛው ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ እንደተቀመጠ ውል ላይ አይጻፍም። መጠይቁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ደካማ መጠይቅ የሚታወቀው በመጀመሪያው ጥያቄው ነው። "ምን ዓይነት ዌብሳይት ይፈልጋሉ?" ተብሎ የተጠየቀ ባለሆቴል "ዘመናዊና ማራኪ" ብሎ ይመልሳል፤ ሌላ ምን ይበል? ይህ መልስ ግን ለዲዛይነሩ አንዲት መስመር እንኳ አያሠራውም። የተሻለው ጥያቄ ወደ አንድ ድርጊት ያተኩራል፦ "አንድ እንግዳ ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋሉ? እንዲደውል፣ በቴሌግራም እንዲጽፍ ወይስ እዚያው ክፍል ይዞ እንዲከፍል?" ባለሆቴሉ ሦስተኛውን ከመረጠ ሥራው በአንድ ጊዜ መልኩን ይቀይራል። በዌብሳይት ላይ ክፍያ ለመቀበል ከቴሌብር ወይም ከሌላ የክፍያ አቅራቢ ጋር የነጋዴ ስምምነት ያስፈልጋል። ለዚያም የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የያዘ ማመልከቻ የሚያቀርበው ባለሆቴሉ ራሱ ነው፤ ዲዛይነሩ ሊያቀርብለት አይችልም። ይህ የወረቀት ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት ከተጀመረ ከዲዛይኑ ጎን ለጎን ይሄዳል። በአምስተኛው ሳምንት ከታሰበ ግን ያለቀው ዌብሳይት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ከደንበኛው የሚሰበሰቡት ግብዓቶች ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ቀን የሚበላው ግን እሱ ነው። ሎጎን እንውሰድ። "ሎጎ አለዎት?" ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ "አለኝ" ይላል። የሚልከው ግን ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ የተነሣ ፎቶ ወይም ከፌስቡክ ገጽ የወረደች ትንሽ ምስል ሊሆን ይችላል። እሷ በትልቁ ስትታይ ጠርዟ ይፈርሳል። ዲዛይነሩ የሚፈልገው ሎጎው የተሣለበትን ዋናውን ፋይል ነው፤ ስሙ በ .ai፣ በ .svg፣ በ .eps ወይም አንዳንድ ጊዜ በ .pdf ያልቃል። ባለሆቴሉ እነዚህን ስሞች ሰምቷቸው ላያውቅ ይችላል፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ "ሎጎውን ማን ሠራው? የበራፉን ታፔላና ባነሩን ያተመውስ የትኛው ማተሚያ ቤት ነው?" ፋይሉ ደንበኛው ዘንድ ባይገኝ እንኳ ማተሚያ ቤቱ ዘንድ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አንድ ስልክ ተደውሎ ሊላክ ይችላል።

በአማርኛ የሚሠራ ሰው ሌላ ችግርም ይገጥመዋል፤ በሌላ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ ይህን አያነሣውም። ሆቴሉ ከዓመታት በፊት ያስጻፈው የታሪኩና የአገልግሎቱ መግለጫ አለ። ፋይሉ ይላካል፤ ሲከፈት ግን የሚታየው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች በአንዱ ነው። እነዚያ ሶፍትዌሮች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አይነበብም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቢሆንም የድሮው አተያየብ ብዙ ቢሮ ውስጥ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ዌብሳይት ላይ እንዳለ ሊለጠፍ አይችልም፤ ወይ በመቀየሪያ ፕሮግራም ተለውጦ ፊደል በፊደል ይታረማል፣ ወይ እንደገና ይተየባል።

መጠይቁ ይህን ለመለየት "ጽሑፉ በዩኒኮድ ነው?" ብሎ መጠየቅ የለበትም። ማንኛውም ሰው ሊሞክረው የሚችል መንገድ አለ፦ "ከጽሑፉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይላኩልን።" በአማርኛ ከተነበበ ችግር የለም። ካልተነበበ ዲዛይነሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመተየቢያ ጊዜና ዋጋ ይይዛል፣ ደንበኛውም ያውቀዋል።

ፎቶም በቴሌግራም ሲላክ የራሱ ጣጣ አለው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ በስልክ ላይ ያምራል፣ በሰፊ የኮምፒውተር ገጽ ላይ ግን ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ይህችን መመሪያ መጠይቁ ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ባለሆቴሉን 40 ፎቶ ሁለት ጊዜ ከመላክ ታድነዋለች። ከፎቶው ጥራት እኩል መጠየቅ ያለበት ደግሞ በፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። በሆቴሉ አዳራሽ የተደገሰ ሠርግ ፎቶ ያምር ይሆናል፤ ሙሽሮቹ ግን ለማስታወቂያ ይሁን አላሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ስለዚህ "በፎቶው ላይ ፊታቸው የሚታይ ሰዎች ፈቅደዋል?" የሚለው ጥያቄ ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም።

ዋጋም ከተጠየቀ በትክክል ይጠየቅ። አንድ ክፍል 3,000 ብር ተብሎ ዌብሳይት ላይ ቢጻፍ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት እንግዳው ካሰበው ከ700 ብር በላይ አስበልጦ ይከፍላል። ቅሬታው የሚመጣው እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ጋ ነው። ጥያቄው "የተጻፈው ዋጋ ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ያካትታል? ለጥምቀት ሰሞን ይለወጣል? ለውጡን የሚነግረን ማን ነው?" ተብሎ ሲቀርብ መልሱ የሚገኘው ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ከሒሳብ ያዡ ወንድም እንደሆነ ወዲያው ይገለጣል።

መጠይቁ የማይጠይቀው ነገርም አለ፤ የይለፍ ቃል። ሆቴሉ የቆየ ዌብሳይት ወይም የፌስቡክ ገጽ ካለው መጠየቅ ያለበት "ስሙ በማን ኢሜይል ተመዘገበ? ያ ሰው አሁንም አብሯችሁ አለ?" የሚለው ነው። የዌብሳይቱ ስም ከሁለት ዓመት በፊት በለቀቀ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ ከሆነ፣ ሰውየውን ፈልጎ ማስለቀቁ ከዲዛይኑ ሁሉ ቀድሞ መጀመር አለበት። የይለፍ ቃሉ ራሱ ግን በቅጽ ላይ ሲሞላ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሰንጠረዡን የሚከፍት ሁሉ ያየዋል። ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው ለዲዛይነሩ የራሱን መግቢያ ቢሰጠው ይሻላል፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይዘጋዋል።

መጠይቁ በየትኛው መንገድ ይላክ የሚለውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ብዙ ድርጅቶች ነፃ ስለሆነ ጎግል ፎርም ይጠቀማሉ። ነገር ግን ጎግል ፎርም ላይ ፋይል ለመጫን መልስ ሰጪው በጎግል አካውንት መግባት ይኖርበታል፤ አካውንት የሌለው ወይም የረሳው ባለሆቴል እዚያች ጥያቄ ላይ ሲደርስ ይተወዋል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በፎርም፣ ፋይሎቹን በቴሌግራም መቀበል ይመረጣል። ቅጽ መሙላት የማይወድ ደንበኛም ብዙ ነው፤ ይህ ስንፍና አይደለም፣ ሰውየው ሥራውን የሚሠራው በስልክ ነው። እንዲህ ላለው ደንበኛ ዲዛይነሩ ደውሎ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያነሣል፣ መልሱን ራሱ ይጽፋል፣ ከዚያ የተጻፈውን ልኮ "እንደተነጋገርነው ነው?" ብሎ ያረጋግጣል። ማረጋገጫው ከተዘለለ ግን ስልኩ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጥያቄዎቹ ቁጥር ከ20 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሃያ አምስትና ሠላሳ ጥያቄ ስልክ ላይ ሲወርድ መልሶቹ "አዎ"፣ "እሺ"፣ "በቅርቡ" እያሉ ማጠር ይጀምራሉ፣ "በቅርቡ" የሚል መልስ ደግሞ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ከሁሉም ከባዱ ግን ማጽደቅ ነው። "የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው?" ተብሎ የተጠየቀ የቤተሰብ ድርጅት "ሁላችንም" ብሎ መመለሱ የታወቀ ነው። መልሱ ከመከባበር የመጣ ነው፤ ታላቅ ወንድም እህቱን ሳያማክር ወስኛለሁ ማለት አይፈልግም። ለሥራው ግን "ሁላችንም" ማለት ማንም እንዳልተወከለ ነው የሚቆጠረው። ጠንከር ያለው መጠይቅ ጥያቄውን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፦ "ሐሳባቸውን መስጠት ያለባቸው እነማን ናቸው?" እና "ሐሳቦቹን ሰብስቦ በጽሑፍ 'ጸድቋል' ብሎ የሚልክልን አንድ ሰው ማን ነው?" እህትየዋ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ትገባለች፣ ስለዚህ ቀለሙን የምታየው በመጀመሪያው ንድፍ ነው፤ ምርቃት ዋዜማ አይጠበቅም። ሁለተኛው መስመር ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ስም ብቻ ነው። ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮሚቴ ስለሚወስን አንድ ወሳኝ ሰው ማግኘት አይቻልም፤ እዚያም ቢሆን ኮሚቴው ያለውን አንድ ወረቀት ላይ አጠቃልሎ የሚያመጣ ሰው መመደብ ይቻላል።

ስለ ማጽደቅ ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ ዲዛይነሮች ንድፉን ልከው መልስ ሲያጡ "ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው" ብለው ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1682 ግን መነሻው ተቃራኒ ነው፤ ዝምታ ብቻውን እንደ መቀበል አይቆጠርም። ደንበኛው በኋላ ተነሥቶ "አላጸደቅሁም" ቢል ዲዛይነሩ የሚያሳየው ነገር የለውም። ስለዚህ መልስ የሚጠበቅበት የቀን ገደብና ገደቡ ካለፈ የሚሆነው ነገር ቀድሞ ተጽፎ ደንበኛው በግልጽ ሊቀበለው ይገባል። "ዝም ካሉ ጸድቋል" ከሚለው ይልቅ "መልስ እስኪመጣ ሥራው ይቆማል፣ የማስረከቢያው ቀንም በዚያው ልክ ይገፋል" የሚለው ለሁለቱም ወገን ይሻላል፤ ደንበኛው ያላየው ነገር አይጫንበትም፣ ዲዛይነሩም በሌላ ሰው መዘግየት አይወቀስም።

መልሶቹ ሁሉ ከተሰበሰቡ በኋላ የሥራ ማስጀመሪያው መልእክት ይጻፋል። ለባሕር ዳሩ ሆቴል ቢጻፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ጤና ይስጥልን። ቀብዱ ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13) ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። እስካሁን የተቀበልነው፦ የሎጎው ዋና ፋይልና የ9 ክፍሎች ፎቶ። የሚቀረው፦ የቀሪ ክፍሎች ፎቶ ከእርስዎ፣ ታክስን ያካተተ የዋጋ ዝርዝር ከወንድምዎ። ሁለቱንም እስከ ሰኞ ጥቅምት 10 (ኦክቶበር 20) እንጠብቃለን። የመጀመሪያውን ንድፍ ለሦስታችሁም ሰኞ ጥቅምት 24 (ኖቬምበር 3)፣ በኢትዮጵያ ከምሽቱ 11 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 9 ሰዓት በቪዲዮ እናሳያለን። የሦስታችሁን አስተያየት እርስዎ በአንድ መልእክት ሰብስበው እስከ ሐሙስ ጥቅምት 27 (ኖቬምበር 6) ይልኩልናል። በዋጋው ውስጥ ሁለት ዙር ማስተካከያ አለ። የምናስረክበው ሰኞ ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24) ነው፤ የሚቀሩት ነገሮች በዘገዩበት ቀን ልክ ይህም ቀን ይገፋል። በዌብሳይቱ ላይ ክፍያ መቀበል በዚህ ሥራ ውስጥ የለም፤ እንግዳው በስልክና በቴሌግራም ክፍል ይይዛል። ይህ ትክክል ከሆነ እባክዎ 'ተስማምቻለሁ' ብለው ይመልሱልን።"

መልእክቱ አጭር ነው፣ ግን ቃላቱ በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው። ቀኖቹ በሁለቱ አቆጣጠር የተጻፉት ለጌጥ አይደለም። "እስከ 10/2 ይላክ" ቢባል ባሕር ዳር ያለው ወንድም ጥቅምት 10 ብሎ ያነበዋል፤ አሜሪካ ያለችው እህት ኦክቶበር 2 ብላ ታነባለች፣ ያም መልእክቱ ከመጻፉ በፊት ያለፈ ቀን ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እስከ ኖቬምበር 1 ድረስ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል 7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ በ2025 አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ የመለሱት ኖቬምበር 2 ስለሆነ በማግስቱ ልዩነቱ 8 ሆኗል። የስብሰባው ሰዓት በአንድ ወገን ብቻ ተጽፎ ቢሆን እህትየዋ አንድ ሰዓት ዘግይታ ትገባ ነበር፣ ንድፉንም የምታየው ወንድሞቿ ከተስማሙ በኋላ ይሆን ነበር።

"በዚህ ሥራ ውስጥ የለም" የሚለው ዓረፍተ ነገርም ብዙ ዲዛይነሮች መጻፉን ይፈሩታል፤ ደንበኛውን ያስከፋ ይመስላቸዋል። ክፍያ መቀበያ እንዳልተካተተ በመጀመሪያው ሳምንት የሰማ ባለሆቴል ግን ምርጫ አለው፦ ተጨማሪ ከፍሎ ያስገባዋል፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየዋል። ኅዳር 15 ላይ የሰማው ግን የተታለለ ነው የሚመስለው፣ ሊፈረድበትም አይችልም።

መጠይቁ የማይደርስበት አንድ ነገር ቢኖር ምርጫና ውበት ነው። "ምን ዓይነት ቀለም ይወዳሉ?" ተብሎ የተገኘ መልስ ንድፉ ሲታይ ይለወጣል፤ ሰው ያላየውን ነገር መምረጥ ይቸግረዋል። ከዚህ ይልቅ ደንበኛው የሚወዳቸውን ሁለት፣ የማይወደውን አንድ የሌላ ሆቴል ገጽ እንዲልክና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ማድረግ ይጠቅማል። "ይሄኛው ሐይቁን ከሁሉ በፊት ያሳያል" የሚል መልስ ከማንኛውም የቀለም ስም በላይ ለዲዛይነሩ አቅጣጫ ይሰጠዋል። የቀረው በሁለቱ የማስተካከያ ዙሮች ይፈታል፣ ዙሮቹ ለዚያ ነው የተቀመጡት።

ጥቅምት 10 መጥቶ ፎቶዎቹ ካልደረሱስ? ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጭር መልእክት ይላካል፦ "የዋጋ ዝርዝሩ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። የ15 ክፍሎች ፎቶ ይቀራል። ሐሙስ ከደረሰ ማስረከቢያው ከሰኞ ኅዳር 15 ወደ ሐሙስ ኅዳር 18 ይሄዳል። ፎቶ አንሺ እንድንልክ ከፈለጉ ዋጋውን ዛሬ እንነግርዎታለን።" ወቀሳ የለበትም፣ አዲስ ቀን አለው፣ ባለሆቴሉ ሊመርጠው የሚችል መንገድም አለው። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚመጣው ከዚህ መልእክት በኋላ ነው፤ ባለሆቴሉ ለፎቶው ጊዜ ያጣው ክፍሎቹ በእንግዳ ስለተያዙ እንደሆነ ይናገራል፣ ዲዛይነሩም አንድ ክፍል ከየዓይነቱ ብቻ እንደሚበቃ ይነግረዋል።